«ስም አይጠይቅም» ማለት «አይታወቅም» ማለት ነው?

ሄኖክ፦ «ስለ ቅርብ አለቃችሁ በነፃነት ጻፉ፤ ቅጹ ስም አይጠይቅም» የሚል ማስታወቂያ ከሰው ኃይል መጣ። 9 ሰው ባለበት ክፍል ይሄ ምን ዋስትና ነው?

ትዕግሥት፦ ምንም። የ9ኙ አማካይ ነጥብ 3 ተብሎ ወጣ እንበል፤ ድምሩ 27 ነው። ቀጥሎ «የቋሚ ሠራተኞች» ተብሎ የ8ቱ 3.25 ቢወጣ ድምሩ 26 ይሆናል። አንዷ የኮንትራት ሠራተኛ 1 እንደሰጠች ለማወቅ መቀነስ መቻል ይበቃል። ከ5 በታች መልስ ያለው ቡድን ለብቻው አይውጣ የሚባለው ለዚህ ነው። ተቀንሶ የሚቀረውም ከ5 ማነስ የለበትም፤ ይሄኛውን ነው የሚረሱት።

ብሩክ፦ ይህ ሁሉ ሒሳብ ለፈሪ ነው። እውነት የያዘ ሰው ስሙን ጽፎ ይናገራል።

ማኅሌት፦ «ለፈሪ»? የደመወዝ ጭማሪውን ማን እንደሚፈርም ረሳኸው እንዴ?

አቤል፦ ጉግል ፎርም ከሆነና ኢሜይል ካልሰበሰበ ማንም አያውቅም። አለቀ።

ትዕግሥት፦ አላለቀም። በኢሜይልህ ግባ ቢልህም ከአድራሻህ ጋር Not shared የሚል ካየህ፣ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው አድራሻህን አያይም፤ እስከዚህ ልክ ነህ። የመልሱ ሠንጠረዥ ግን Timestamp የሚል ዓምድ አለው። ሌላው ሁሉ መስክ ወጥቶ አንተ ቢሮ ብቻህን ሆነህ ከሞላህ ሰዓቱ ስምህ ነው። አጻጻፍም ያጋልጣል። ሁሉም «ስራ» ሲል አንዱ ብቻ «ሥራ» ብሎ አራት ነጥቡን ሳይረሳ ከጻፈ፣ አለቃው ሁለተኛው መስመር ላይ ሳይደርስ ያውቀዋል።

ማኅሌት፦ ብሩክዬ፣ አንተን ነው 😂

ብሩክ፦ በትክክል መጻፍም ወንጀል ሆነ!

ሰሎሞን፦ እኛ እኮ 3 ብቻ ነን። ቅጹ ላይ የሌላ ክፍል ስም ብንሞላስ?

ትዕግሥት፦ እንዳታደርጉት፤ የሌላውን አለቃ ነጥብ ታበላሻላችሁ። ለ3 ሰው ቅጽ አይሆንም። ከክፍሉ ውጭ የሆነ ሰው እያንዳንዳችሁን ለየብቻ ያናግርና ቢያንስ ሁለታችሁ ያነሳችሁትን ብቻ በራሱ ቃል ጽፎ ይስጥ።

ሄኖክ፦ ታዲያ ምን ብለን እንጻፍ?

ትዕግሥት፦ «ማክሰኞ የግዢ ሰነዱን በስልክ አስቀየሩኝ» ካልክ ስልኩን ያነሳኸው አንተ ብቻ ነህ። «ሥራ ከተጀመረ በኋላ ትእዛዝ በቃል ይቀየራል፤ ስህተት ሲመጣ ግን ተጠያቂው ሠራተኛው ነው፤ ለውጥ በጽሑፍ ይሰጠን» በል። የሚደጋገመው ድርጊት፣ ጉዳቱና ጥያቄው አለ፤ ቀኑና ሰነዱ የለም።

ብሩክ፦ አለቃውስ «መቼ? የቱን ሰነድ?» ሲል ማን ይመልስለታል? ያለ ማስረጃ ሐሜት ነው።

ትዕግሥት፦ ይሄ ጥያቄህ እውነት አለው። አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመ ከባድ ነገር በዚህ መንገድ አይጻፍም፤ መንገዱ አቤቱታ ነው፣ አቤቱታ ደግሞ ስም ይፈልጋል።

ብሩክ፦ እኔም ከመጀመሪያው ስም አይደል ያልኩት?

ማኅሌት፦ የለም፣ «ፈሪ» ነው ያልከው። ከፍ ብለህ አንብበው።