«አይደል?» አንድ ነው፣ የእንግሊዝኛው ጭራ ግን ስንት ነው?

የማታ ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ መልመጃ አናዶኛል። «ሺዝ ፊኒሽድ ዘ ሪፖርት» ይልና መጨረሻው ላይ ኩዌሽን ታጉን ሙሉ ይላል። እኔ «ኢዝንት ሺ?» ብዬ ሞላሁ። መልሱ «ሃዝንት ሺ?» ነው። ቀጥሎ «ሺዝ ታየርድ» አለ። እዚያ ደግሞ «ኢዝንት ሺ?» ትክክል ሆነ። ሁለቱም እኮ «ሺዝ» ናቸው! እኛ «ጨርሳለች አይደል?»፣ «ደክሟታል አይደል?» ብለን እንገላገላለን። ምኑን አይቼ ልለያቸው?

ቀለል አርጉት
ምን ያጨናንቅሃል? ሕጉ አንድ መስመር ነው። ፊተኛው አዎንታዊ ከሆነ ጭራው አሉታዊ፣ ፊተኛው አሉታዊ ከሆነ ጭራው አዎንታዊ። ግራ ከገባህ «ኢዝንት ኢት?» በል። እንደኛው «አይደል» ለሁሉም ይሠራል።

አሮጌ ጠመኔ
የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው፣ ወንድሜ። ሁለተኛው ግን ፈተና ላይ ይጥላል። ለሁሉም «ኢዝንት ኢት» የሚሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አሉ። ሕንድ ውስጥ የተለመደ ነው፣ ለንደንም «ኢኒት» ብለው አሳጥረውታል። መደበኛው ጽሑፍ ግን አይቀበለውም።

ወደ ጠያቂው ልምጣ። ታጉ የሚገለብጠው ረዳት ግሱን ነው። ስለዚህ «ሺዝ» ሲያጋጥምህ መጀመሪያ ፍታው። «ሺ ኢዝ» ነው ወይስ «ሺ ሃዝ»? መፍቻው ከኋላው የሚመጣው ቃል ነው። «ታየርድ» ሁኔታ ነው፣ ስለዚህ «ኢዝ» ነው። «ፊኒሽድ ዘ ሪፖርት» ግን ድርጊትም አለው፣ የተጨረሰ ነገርም አለው። «ሺ ኢዝ ፊኒሽድ ዘ ሪፖርት» ብለህ ሞክረው፣ በመደበኛው እንግሊዝኛ አይቆምም። ስለዚህ «ሃዝ» ነው፣ ታጉም «ሃዝንት ሺ?» ይሆናል።

አሁን «ዘ ሪፖርት»ን አውጣው። «ሺዝ ፊኒሽድ» ብቻ ቀረ። ይሄ ሁለቱንም ይችላል። «ሥራዋን ጨርሳለች» ካልህ «ሃዝንት ሺ?» ነው። «አበቃላት፣ ነጻ ሆነች» ካልህ ደግሞ «ኢዝንት ሺ?»። «ሺዝ ጎን»ም እንደዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ መልስ ብቻ የሚቀበል መልመጃ ካየህ ጥፋቱ ያንተ አይደለም።

የማታ ተማሪ
መምህር፣ ነፍስ ዘሩብኝ። «ዩድ»ስ? እሱም ይፈታል?

አሮጌ ጠመኔ
እሱ ነው ዋናው ወጥመድ። «ዩድ ቤተር ዌት» ላይ የተደበቀው «ሃድ» ነው። ታጉ «ሃድንት ዩ?» ነው። «ዩድ ራዘር ዌት» ላይ ግን የተደበቀው «ዉድ» ነው፣ ታጉም «ዉድንት ዩ?» ይሆናል። ጆሮ አይለያቸውም፣ ተከታዩ ቃል ነው የሚለያቸው። ረዳት ግስ ጭራሽ ከሌለስ? «ሺ ዎክስ» ከሆነ «ደዝንት ሺ?»፣ «ሺ ዎክድ» ከሆነ «ዲድንት ሺ?»። ጊዜውን የሚሸከምልህ «ዱ» ነው።

ግዕዝ ወዳድ
አንድ ነገር ልጨምር። «አይደል» እኮ የ«ነው» አፍራሽ ናት። ሆኖም «ትመጣለህ አይደል?» እንላለን። የ«ትመጣለህ» አፍራሽ ግን «አትመጣም» ነው። ስለዚህ የኛዋ ጭራ ከግሱ ጋር መስማማት አቁማ ደርቃለች ማለት ነው። «አትመጣም አይደል?» ስንልም አትንቀሳቀስም። ጥያቄው ስለዚህ መስሎኝ ነበር የገባሁት፣ ይቅርታ ካሳትኩ።

አሮጌ ጠመኔ
አላሳትክም፣ እንዲያውም ሥሩን ነካኸው። እኛን የሚያሳስተን ይሄው ነው። ግን «አይደል»ም የማትገባበት ቦታ አለ። «በሩን ዝጋው አይደል?» ብሎ የሚያዝ ሰው ሰምተሃል? «ዝጋው፣ እሺ?» ነው የምንለው። እንግሊዝኛም ትእዛዝ ላይ መንገድ ይቀይራል። «ክሎዝ ዘ ዶር፣ ዊል ዩ?» ይላል። ትእዛዙ አሉታዊ ቢሆንም «ዊል ዩ?» ነው፦ «ዶንት ፎርጌት፣ ዊል ዩ?»። እዚህ መገልበጥ የለም። አዎንታዊ ትእዛዝ ላይ «ካንት ዩ?» ማለትም ይቻላል፣ ግን ቁጣ አለበት። «ቢ ኳየት፣ ካንት ዩ?» ማለት «ዝም አትልም እንዴ!» ነው።

«ሌትስ ጎ» ከሆነ «ሻል ዊ?» ነው።

ቢሮ ያደከማት
ኧረ የኔን ጉድ ስሙ። አንድ የውጭ አገር ባልደረባዬ «ዩ ዲድንት ሴንድ ኢት፣ ዲድ ዩ?» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ «የስ» አልኩት። «አዎ፣ አልላክሁም» ማለቴ ነበር። እሱ ግን ተልኳል ብሎ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ዋለ። በማግሥቱ ነው የተግባባነው። ታጉን ማወቅ ብቻ አይበቃም፣ መልሱም ሌላ ጣጣ ነው።

አሮጌ ጠመኔ
እውነትሽን ነው። የኛ «አዎ» ከተናጋሪው ጋር ይስማማል። የነሱ «የስ» ግን ከድርጊቱ ጋር ነው የሚሄደው። ከላክሽ «የስ፣ አይ ዲድ»፣ ካልላክሽ «ኖ፣ አይ ዲድንት»፣ ጥያቄው በየትኛውም በኩል ቢመጣ። «የስ» ወይም «ኖ» ብለሽ አትቁሚ፣ ያችን አጭር ጭራ አስከትዪ። ያኔ ማንም አይሳሳትም።

የማታ ተማሪ
አንድ የመጨረሻ። «ሺ ኔቨር ኮምፕሌይንስ» ላይ «ደዝንት ሺ?» ብዬ ተሰረዘብኝ። «ኖት» የለበትም እኮ!

ቀለል አርጉት
እኔም «ደዝንት» ነው የምለው። አሉታዊ ግስ አላየሁም።

አሮጌ ጠመኔ
«ኖት» ባይኖርም «ኔቨር» ራሱ አፍራሽ ነው። «ሃርድሊ»ም እንዲሁ። ስለዚህ «ደዝ ሺ?» ነው። «ኖባዲ ኮልድ» ከሆነም «ዲድ ዘይ?» ይሆናል። ልብ በሉ፣ ማንም አልደወለም እያሉ ጭራው «እነሱ» ይላል።

አንድ ረቂቅ ነገር ልጨምር። «አይ ዶንት ቲንክ ሺል ካም» ላይ ታጉ ምን ይሆናል? «ዱ አይ?» አይደለም፣ «ዊል ሺ?» ነው። ጥያቄው ስለኔ ማሰብ ሳይሆን ስለ እሷ መምጣት ነው። አፍራሹ «ቲንክ» ላይ ቢቀመጥም ልቡ «ካም» ላይ ነው። እኛም «የምትመጣ አይመስለኝም» ስንል የምንክደው መምሰሉን አይደለም፣ መምጣቷን ነው።

ግዕዝ ወዳድ
ይሄን አስቤው አላውቅም። ግን «አይ አም ሌት» ላይ «አርንት አይ?» የሚባለው በምን ሒሳብ ነው? «አይ አር» የሚል ሰው የለም እኮ።

አሮጌ ጠመኔ
በልማድ ነው። «አም» ከ«ኖት» ጋር ተጣብቆ የሚያጥርበት በመደበኛው የሚቀበሉት ቃል የለም። «አም አይ ኖት?» ማለት ይቻላል፣ ግን ኮስታራ ይመስላል። እኔ ንግግር ላይ «አርንት አይ» እላለሁ፣ ደብዳቤ ላይ ጭራውን ጭራሽ እተወዋለሁ።

ግዕዝ ወዳድ
አላሳመኑኝም፣ መምህር። ኮስታራውን እመርጣለሁ።

የማታ ተማሪ
እኔ ደግሞ ልሞክር። «ዩድ ቤተር ስሊፕ፣ ሃድንት ዩ?» ልክ ነኝ?

አሮጌ ጠመኔ
ልክ ነህ። ድምፅህን ግን መጨረሻው ላይ ዝቅ አድርገው። ከፍ ካደረግኸው የእውነት እየጠየቅህ ነው፣ ዝቅ ካደረግኸው ግን «ተኛ እንጂ» ማለትህ ነው።