የውኃ መስመር እድሳት ረቂቅ፦ ማኒፎልድ ወይስ ቲ?

ጸሐፊ
ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «በአሥራ ሁለቱም ቤቶች የውኃ መስመር ሲቀየር ቧንቧውን ለሁለት በሚከፍል መጋጠሚያ፣ በቲ፣ እየተቀጠለ የሚሄደው አሠራር ይቅርና በሳጥን ውስጥ ከሚቀመጥ አንድ የውኃ ማከፋፈያ፣ ከማኒፎልድ፣ ለሻወሩም፣ ለሲንኩም፣ ለሽንት ቤቱም ያልተቆረጠ የየራሱ ቧንቧ ይዘርጋ።» ዓላማው በግድግዳ ውስጥ የሚቀበር መጋጠሚያ እንዳይኖር ነው። ቤት 6 የየቤቱን ርቀት ለክቶ ለማምጣት ቃል ገብቷል።

ቤት 3
ከጋራ ገንዘባችን የሚወጣ ስለሆነ ስንት ሜትር ቧንቧ እንደሚበላ በቅድሚያ ይነገረን።

ቤት 9
ቤት 6 እስኪለካ ድረስ የራሴን ቤት ለክቻለሁ። ሙቅና ቀዝቃዛው ተደምሮ 8 መስመር አለ፤ በማኒፎልድ 72 ሜትር፣ በቲ ደግሞ 30 ሜትር ገደማ ይፈጃል። ቧንቧው ከእጥፍ በላይ ቢሆንም ከቲዎቹና ከመገጣጠሚያ ሥራው የሚቀነስ አለ፤ ሆኖም የማኒፎልዱና የቫልቮቹ ወጪ ያንን መልሶ ስለሚበላው ይረክሳል ብዬ አልዋሽም። የምደግፈው ባለፈው በተቆፈረው ግድግዳ ምክንያት ነው። ቧንቧው በቲው ውስጥ እስከ ግማሽ ብቻ ገብቶ ነበር፤ እርጥበቱ የታየው ግን ከዚያ ሁለት ሜትር ርቆ ስለነበር ሠራተኞቹ በመጀመሪያ የቆፈሩት ደህናውን ግድግዳ ነው። በማኒፎልድ የመስመሩ ሁለት ጫፎች ብቻ ይገጠማሉ፤ አንዱ በሳጥኑ ውስጥ፣ ሌላው በመጠቀሚያው ዘንድ።

ቤት 5
ማኒፎልድ ግፊት ስለሚጨምር እኔም እደግፋለሁ።

ቤት 9
ግፊት አይጨምርም። ሽንት ቤቱ ሲሞላ ሻወሩ ላይ ያለው ሰው በድንገት እንዳይቃጠል ይረዳል፤ የመግቢያው ቧንቧ ቀጭን ከሆነ ግን ያም ቢሆን አይገኝም።

ቤት 11
የማኒፎልዱ ሳጥን በር በመተላለፊያው ላይ ይሆናል መባሉን ሰምቻለሁ። ከሳሎን ቀጥታ የሚታይ የብረት በር በቤቴ አላስገጥምም።

ቤት 2
እኔም አልቀበልም። በማእድ ቤት ሲንክ ሥር ይግባ።

ቤት 5
በሩ በግድግዳው ቀለም ቢቀባ ምን ይጎዳል?

ቤት 11
ቀለም የተቀባ በርም በር ነው።

ቤት 3
ውኃ ግድግዳችንን እየበላ እኛ ስለ በር ቀለም እንከራከራለን! ቤት 11 እድሳቱን ካልፈለጉ በግልጽ ይናገሩ።

ቤት 11
መዋጮዬን ከሁላችሁ ቀድሜ የከፈልሁ ሰው ነኝ፤ ይህ አነጋገር ይታረም።

ቤት 3
አነጋገሬ ከልክ አልፏል። ስለ በሩ ግን ሐሳቤን አልለወጥሁም።

ቤት 9
ጉዳዩ ከበሩ መልክ ያልፋል። ቦይለሩ በመታጠቢያ ቤት ነው። ሳጥኑ በሲንኩ ሥር ከሆነ ሙቁ ውኃ 8 ሜትር በ25 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ወደ ማእድ ቤት ሄዶ፣ ከዚያ 9 ሜትር በ16 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ወደ ሻወሩ ይመለሳል። በመንገድ ላይ የሚተኛው ቀዝቃዛ ውኃ ሦስት ሊትር ተኩል ያህል ስለሆነ፣ በደቂቃ 6 ሊትር በሚያወርድ ሻወር 35 ሰከንድ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ቦይለሩም እዚያው አናታችን ላይ ተሰቅሎ።

ቤት 7
የእኔ ቦይለር በጣሪያ ላይ ስለሆነ አሁንም ብዙ እጠብቃለሁ። ማኒፎልድ ይህን ያስተካክላል?

ቤት 9
አያስተካክልም፤ እንዲያውም በሙቅ ውኃ ረገድ ቲ የሚሻልበት ጊዜ አለ። 8 ሜትር ሄዶ ለእጅ መታጠቢያውና ለሲንኩ የሚከፈል የጋራ መስመር ካለ፣ አንድ ሰው እጁን ታጥቦ እንደጨረሰ ሲንኩን የሚከፍት ሰው የሚጠብቀው የመጨረሻዋን 4 ሜትር ብቻ ነው፤ አምስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በማኒፎልድ ግን የሲንኩ ቧንቧ የብቻው ስለሆነ፣ ከጎኑ ያለው ቧንቧ ቢሞቅም ባይሞቅም የራሱን ቀዝቃዛ ውኃ እስኪያወጣ መጠበቅ ግድ ነው። ማለዳ የመጀመሪያው ሰው ሲከፍት ደግሞ ቀጭኑ የግል ቧንቧ ይቀድማል።

ቤት 2
እንግዲያውስ ሙቁ በቲ ይቀጥል፣ ቀዝቃዛው ብቻ በማኒፎልድ ይሁን። ሳጥኑም በሲንኩ ሥር ይገባል፤ ቤት 11ም ይስማማሉ።

ቤት 11
በዚህ እስማማለሁ።

ጸሐፊ
ረቂቁን በዚሁ መሠረት አሻሽያለሁ። የሳጥኑ በር ጉዳይ በተራ ቁጥር አንድ ተመዝግቧል። ቤት 6 ልኬቱን ከምን አደረሱት? ሦስት ጊዜ ጽፌላቸው መልስ አላገኘሁም።

ቤት 9
ባለፈው የፈሰሰው ቲ የሙቅ ውኃው ነበር። አሁን ያሻሻላችሁት ረቂቅ እሱን መልሶ ግድግዳ ውስጥ ይቀብረዋል።

ቤት 5
የቀዝቃዛው ሳጥን ቁልፍስ በማን እጅ ይሆናል?