ስሎው ሞድ ይብራ ወይስ ሰላምታው ይጠር?

አዘጋጇ፦ የእሁዱ የዩቲዩብ ላይቫችን ላይ ኮሜንቱ ሳይነበብ ያልፋል። ስሎው ሞድ 30 ሰከንድ ተደርጎ አንድ ሰው በየ30 ሰከንዱ አንዴ ብቻ ይጻፍ ወይስ ይቅር?

ቻት የምትጠብቀው፦ ብቻውን አይበቃም። ስሎው ሞድ የሚይዘው አንዱ ሰው ደጋግሞ እንዳይጽፍ ነው። 120 ሰው በየ30 ሰከንዱ አንድ አንድ ቢጽፍ እንኳ በሰከንድ አራት መልእክት ይመጣል። ስልኬ ላይ የሚታየኝ አሥር መስመር ያህል ነው። ሁሉም አንድ መስመር ከጻፈ እያንዳንዱ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይቆይልኛል። ሁለት ሁለት መስመር ከሆነ የዚያ ግማሽ። ዋናው ችግር ርዝመቱ ነው።

ከአዳማ፦ ለእኔ ቪዲዮው ራሱ ይቆራረጣል፣ ስሎው ሞድ ከተደረገ ይባስ አይዘገይም?

ቻት የምትጠብቀው፦ አይ፣ ቪዲዮውን አይነካም። ኮሜንት ብቻ ነው።

ከሪያድ፦ እኔ ባለፈው አምስቴ ላክሁ፣ ማንም አላየልኝም። «ሰላም እህቴ እንዴት ነሽ፣ ሁሌም እከታተልሻለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ቅድም ያነሳሽው ጉዳይ፣ የእኔም ሊያልቅ ነውና ምን ይሻለኛል?» ነበር ያልኩት።

ቻት የምትጠብቀው፦ እኔም አላየሁትም የኔ እህት፣ ይቅርታ። ሲሮጥ የምናነበው የፊተኞቹን ሦስት አራት ቃላት ነው፤ እዚያ ያለው ሰላምታ ነው። ደግሞ ቪዲዮው አንቺ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። «ቅድም» ስትይ እሷ ሌላ ርዕስ ጀምራለች። እንዲህ ብትይውስ፦ «ጥያቄ፦ ፓስፖርቴ በ3 ወር ያልቃል። ሪያድ ይታደሳል?» ምንም ሳይቀድመው ይገባናል። አምስቴ አትላኪው፤ ሲደጋገም ዩቲዩብ እንደ ስፓም ሊይዘው ይችላል።

በፊደል ጻፉ ባዩ፦ የአንድ ኮሜንት ገደብ 200 ሆሄ ነው። «ሰላም እንዴት ናችሁ» በእኛ ፊደል ከነክፍተቱ 12 ነው፤ በላቲን 19 ይሆናል። ሁሉም በግዕዝ ፊደል ቢጽፍ ግማሹ ችግር ይቀላል።

ቻት የምትጠብቀው፦ ለማንበብ ይፈጥናል፣ እስማማለሁ። ግን ፊደላችን ሰፋ ይላል፤ መስመሩ በዚያው ልክ አያጥርም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ ሰላም ሳይሉ ጥያቄ መወርወር ነውር ነው። ሰው ቤት እንዲህ አይገባም።

ቻት የምትጠብቀው፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ስርጭቱ ሳይጀመር ቻቱ ክፍት ስለሆነ ሰላምታውን ያኔ ብንጨርሰውስ?

ጡረተኛው መምህር፦ ዘግይቶ የገባውስ? ዝም ብሎ ይግባ? እኔ «ሰላም» የምትለዋን አንድ ቃል አልተውም።

አዘጋጇ፦ ጋሼ፣ አንዷ ቃል ትቆይ። ስሎው ሞዱን ግን በ10 ሰከንድ እሞክረዋለሁ። 30 ሲሆን መልስ እየሰጡኝ ያሉ ሰዎች መሃል ላይ ይታገዱብኛል።

ቻት የምትጠብቀው፦ እኔ አሁንም 30 እላለሁ።

ከሪያድ፦ እሺ፣ «ሰላም። ጥያቄ፦» ብዬ እጀምራለሁ። መልሱን በጣም እፈልገዋለሁ፣ ሦስት ወር ነው የቀረኝ።