ከመደብ አጋማሽ ያሰላሁት ቫሪያንስ ከሪፖርቱ ለምን በለጠ?

ሜሮን

ሰላም ለሁላችሁ። የ50 ሰዎች ዕድሜ በመደብ ተጠቃሎ የቀረበበት ሪፖርት አለኝ፤ አማካዩንና ቫሪያንሱን ራሴ አስልቼ ማመሳከር ፈልጌ ነበር። ሰንጠረዡ ይህ ነው፦

20–29፦ 4 ሰው
30–39፦ 11 ሰው
40–49፦ 18 ሰው
50–59፦ 12 ሰው
60–69፦ 5 ሰው

አጋማሾቹን 24.5፣ 34.5፣ 44.5 እያልኩ ወስጄ አማካይ 45.1፣ ቫሪያንስ 120.04 (በ49 አካፍዬ)፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 10.96 አገኘሁ። ሪፖርቱ ግን ከጥሬው መረጃ ተሰልቶ አማካይ 45.7፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 10.6 ነው ይላል። ጓደኛዬ «አጋማሹ 25 መሆን ነበረበት» ትላለች። ችግሩ የአጋማሹ ነው ወይስ በ49 ማካፈሌ?

ብሩክ

ሜሮን፣ ጓደኛሽ ትክክል ናት። ሰው ዕድሜውን ሲናገር የሞላውን ዓመት ነው የሚናገረው። 29 ዓመት ከ11 ወር የሆነው ሰው ራሱን 29 ነኝ ይላል። ስለዚህ «20–29» የሚለው መደብ በእውነቱ ከ20 ተነስቶ እስከ 30 ጫፍ ይደርሳል፤ አጋማሹም 25 ነው። ሁሉም በግማሽ ዓመት ከፍ ስለሚሉ አማካይሽ 45.6 ይሆናል፣ ከ45.7 ጋር ተገናኘ ማለት ነው።

ቫሪያንሱን በተመለከተ፣ አጋማሽ ስንጠቀም በአንድ መደብ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ነው የምናቆማቸው። በመደቡ ውስጥ የነበራቸው መበታተን ይጠፋል። የጠፋውን ለመመለስ የመደቡን ስፋት ስኩዌር ለ12 አካፍለሽ ትጨምሪያለሽ፤ 100 ሲካፈል ለ12፣ 8.33 ነው።

ሜሮን

አመሰግናለሁ ብሩክ። ግን 8.33 ስጨምርበት 128.37 ይሆናል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም 11.33። ከሪፖርቱ 10.6 ይበልጥ ራቅኩ እንጂ አልቀረብኩም።

ተስፋ

በ50 ብታካፍዪው 117.64 ነው፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 10.85። እሱም 10.6 አይደርስም። ስለዚህ በ49 ማካፈልሽ አይደለም ጉዳዩ። ለሚቀጥለው ጊዜ በኤክሴል እንዲህ ይሠራል፤ አጋማሾቹ በ B፣ ድግግሞሾቹ በ C ካሉ፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B6,C2:C6)/SUM(C2:C6)
=(SUMPRODUCT(B2:B6^2,C2:C6)-SUMPRODUCT(B2:B6,C2:C6)^2/SUM(C2:C6))/(SUM(C2:C6)-1)
```

የመጀመሪያው አማካዩን፣ ሁለተኛው ቫሪያንሱን ይሰጣል። 24.5ም ጀመርሽ 25፣ ቫሪያንሱ ያው 120.04 ነው፤ ሁሉም በእኩል ሲንቀሳቀሱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥምና።

ዳዊት

ሜሮን፣ ስሌትሽ ላይ ስህተት የለም። በእጅ ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ መካከለኛውን መደብ 0 አድርጎ፣ ሌሎቹን –2፣ –1፣ 1፣ 2 ማለት ነው። በድግግሞሽ አባዝተሽ ስትደምሪ 3፣ የስኩዌሮቹ ድምር ደግሞ 59 ይመጣል። አማካዩ 44.5 + 10 × 3/50 = 45.1፤ ቫሪያንሱ 100 × (59 – 9/50)/49 = 120.04። የተለያየው አሠራሩ ሳይሆን አጋማሽ የመጠቀም ጠባይ ራሱ ነው።

ብሩክ 8.33 የሚለውን ቁጥር በትክክል ይዟል፣ አቅጣጫው ግን እዚህ ተገልብጧል። መቀነስ ነው ያለበት። 120.04 – 8.33 = 111.71፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 10.57። ይህ የሼፐርድ ማስተካከያ ይባላል፤ ሼፐርድ የተባለ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1898 ያወጣው ነው።

ለምን እንደሚቀነስ በአንድ መደብ ላይ ባሳይሽ ይሻላል። ከ20–29 ያሉት የአራቱ ሰዎች ትክክለኛ ዕድሜ በእጅሽ አለ?

ሜሮን

በአባሪው የሁለቱ ዳርቻ መደቦች ብቻ ተዘርዝሯል። የመጀመሪያው 24፣ 27፣ 28፣ 29። የመጨረሻው 60፣ 61፣ 62፣ 64፣ 67።

ዳዊት

በጣም ጥሩ፣ የሚያስፈልገን እሱ ነው።

ተመልከቺ፣ አራቱ ሰዎች ወደ 30 ተጠግተው ነው ያሉት። አማካያቸው 27 ነው፣ አንቺ ግን ሁሉንም 24.5 ላይ አቆምሻቸው። አምስቱ ደግሞ ወደ 60 ተጠግተዋል፤ አማካያቸው 62.8 ሆኖ ሳለ 64.5 ላይ አቆምሻቸው። የተመዘገቡት ዕድሜዎች መሐል ላይ በዝተው ወደ ዳር እየሳሱ ሲሄዱ ሁልጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው፤ በዳርቻ መደቦች ውስጥ ብዙው ሰው ወደ መሐል ባለው ወገን ይሰበሰባል፣ አጋማሹ ግን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በቫሪያንስ ውስጥ ደግሞ ርቀት በስኩዌር ስለሚቆጠር ግፊቱ ይጎላል።

በቁጥር ላስቀምጠው። ከ45.1 ያላቸው ርቀት በስኩዌር ሲደመር አራቱ ሰዎች 24.5 ላይ ቆመው 1697 ያዋጣሉ፤ በእውነተኛ ዕድሜያቸው ግን 1324 ብቻ። አምስቱ 64.5 ላይ 1882፣ በእውነቱ 1597። ከሁለቱ ዳርቻዎች ብቻ ወደ 658 ያህል ትርፍ ገብቷል። ብሩክ ያለው መጥፋትም አለ፣ እሱን አልክድም። ከ40–49 ያሉት 18 ሰዎች ሁሉ 44.5 ላይ ሲቆሙ 6 ያህል ብቻ ያዋጣሉ፤ በመደቡ ውስጥ እኩል ተሰራጭተው ቢሆን ኖሮ ወደ 155 ይሆን ነበር። ግን 149 ጠፍቶ 658 ሲገባ የቱ እንዳመዘነ ግልጽ ነው። 30–39 እና 50–59 በዚህ ስሌት ውስጥ አልገቡም፣ ጥሬ ዕድሜያቸው የለንምና።

ብሩክ

ቆይ ዳዊት፣ ታዲያ ጨምር የሚለው ከየት መጣ? እኔ ያየሁት በሒሳብ ተረጋግጦ ነው። በመደቡ ውስጥ እኩል ከተሰራጩ በውስጡ ያለው ቫሪያንስ 8.33 ነው፤ ጠቅላላው ቫሪያንስ በመደቦች መካከል ያለውና በመደቦች ውስጥ ያለው ድምር ነው።

ዳዊት

ብሩክ፣ ድምሩ እውነት ነው፤ ሁሉም ያለው «እኩል ከተሰራጩ» የሚለው ላይ ነው። አንድ ምሳሌ ውሰድ። ዕድሜው ከ20 እስከ 70 ምንም ሳይሳሳ እኩል ተዘርግቶ በየመደቡ 10፣ 10 ሰው አለ እንበል። አጋማሾቹን ብቻ ተጠቅመህ በ50 ስታካፍል ቫሪያንሱ 200 ይመጣል። የተዘረጋው ስፋት 50 ስለሆነ እውነተኛው 2500/12 ማለትም 208.33 ነው። እዚህ 8.33 መጨመር ነው ትክክሉ፤ የየመደቡ እውነተኛ አማካይ ከአጋማሹ ጋር ስለሚገጥም የሚገፋ ነገር የለም።

የሜሮን መረጃ ግን 4፣ 11፣ 18፣ 12፣ 5 ነው። በሁለቱም በኩል ወደ ታች እየወረደ የሚያልቅ። የሼፐርድ ማስተካከያ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ግራፉ በአንድ በኩል እንደ ገደል ተቆርጦ የሚቀር ከሆነ፣ ለምሳሌ ከዜሮ አጠገብ በጣም በዝቶ ወደ ቀኝ ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ መቀነሱም መጨመሩም አያስተማምንም። ያኔ እኔ ማስተካከያውን አልነካም፤ ቁጥሩ ከመደብ የተገመተ መሆኑን ጽፌ አልፋለሁ።

ስለ 25 እና 24.5 ግን ሜሮን፣ ቶሎ አትደምድሚ። 25 የሚሆነው ዕድሜው ከልደት ቀን እስከ ወሩ ድረስ ተሰልቶ ከሆነ ነው። የሪፖርቱ አማካይ ከተመዘገቡት ሙሉ ዓመታት፣ ከ24፣ 27፣ 28 ከሚሉት፣ ተሰልቶ ከሆነ ግን የ20፣ 21 … 29 አማካይ 24.5 ነውና ማነጻጸሪያው ያንቺው 45.1 ነው። 45.6 ወደ 45.7 መቅረቡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በ50 ሰው ላይ፣ 10 ዓመት ስፋት ባለው መደብ፣ አጋማሽ መጠቀም ብቻውን አማካዩን ወደ 0.4 ዓመት ያህል ወዲያና ወዲህ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። የ0.6 ልዩነት ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ሜሮን

ሪፖርቱ ዕድሜው እንዴት እንደተመዘገበ አይገልጽም። «ከተሳታፊዎች ቃል» ብቻ ነው የሚለው።

ዳዊት

ከቃል ከሆነ አንድ ሌላ ነገርም አስቢ። ሰዎች ዕድሜያቸውን በግምት ሲናገሩ 40፣ 45፣ 50 ወደሚሉት ሙሉ ቁጥሮች ያደላሉ። ያ ሲበዛ በ40–49 ውስጥ ያሉት 40 እና 45 ላይ ይከማቻሉ፣ የመደቡ አማካይም ከ44.5 ዝቅ ይላል። እዚህ ግን የሪፖርቱ አማካይ ካንቺ ግምት ከፍ እንጂ ዝቅ አላለም፤ በዘጠኙ ዝርዝርም ውስጥ በ0 የሚያልቅ አንድ ብቻ፣ በ5 የሚያልቅ የለም። ስለዚህ እዚህ ብዙ አልጠረጥረውም።

ሰናይት

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ የኔም ተመሳሳይ ነው። የመጨረሻው መደቤ «60 እና ከዚያ በላይ» ይላል። 65ን አጋማሽ አድርጌ ልቀጥል?

ዳዊት

ሰናይት፣ ጫፍ የሌለው መደብ አጋማሽ የለውም፤ የምትሰጪው ቁጥር የራስሽ ግምት ነው። ምን ያህል እንደሚጎዳ በሜሮን ሰንጠረዥ ሞክሪው፤ በ25 በጀመሩት አጋማሾች። አምስቱን ሰዎች 65 ላይ ብታስቀምጪ አማካዩ 45.6፣ ቫሪያንሱ 120.04 ነው። 75 ላይ ብታስቀምጪ አማካዩ 46.6 ብቻ ይሆናል፣ ቫሪያንሱ ግን ወደ 168.82 ይዘላል። አማካዩ ችሎ ያልፋል፣ ቫሪያንሱ አይችልም። ሁለት ሦስት ግምት ሞክረሽ ውጤቶቹን ጎን ለጎን ጻፊ፣ አንዱን መርጠሽ ሌላውን አትደብቂ። የሼፐርድ ማስተካከያም እዚያ አይገባም።

ተስፋ

እኔ እንዲያውም ቫሪያንሱን ትቼ ሚዲያንና ኳርታይሎችን እሰጥ ነበር። ከ50 ሰው 5ቱ ብቻ ክፍት መደብ ውስጥ ከሆኑ ሦስቱም አይነኩም።

ሰናይት

ሚዲያኑ ጥሩ ነው፣ ግን የምሞላው ቅጽ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው የሚጠይቀው። ደግሞ በኔ መረጃ ክፍቱ መደብ ውስጥ ያሉት ከጠቅላላው ሲሶ ይሆናሉ።

ዳዊት

ሲሶ ከሆነ ላይኛው ኳርታይልም እዚያው ውስጥ ይወድቃል፤ ከተስፋ መንገድ የሚተርፍሽ ሚዲያኑና የታችኛው ኳርታይል ብቻ ነው። መረጃውን የሰበሰበው ሰው የዚያን መደብ አማካይ ብቻ እንኳ ሊሰጥሽ ከቻለ ጠይቂው። አጋማሽ በሚባለው ቦታ እሱን ታስገቢያለሽ፤ አማካይሽ ላይ ከክፍቱ መደብ የሚመጣው ጥርጣሬ ይወገዳል፣ ቫሪያንሱ ላይ ደግሞ የቀረው በዚያ መደብ ውስጥ ያለው መበታተን ብቻ ነው።