የጋራ ሐርድ ዲስካችን፦ የተደጋገሙ ቪዲዮዎችን ለማጽዳት ረቂቅ ዕቅድ

ጸሐፊ፦ ሰላም አባላት። የማኅበሩ 4 ቴራባይት ሐርድ ዲስክ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዱ ቪዲዮ በሁለትና ሦስት ፎርማት ተቀምጧል። ለጉባኤው የሚቀርበውን የማጽጃ ሐሳብ እዚሁ እናርቅቅ።

ሒሳብ ሹም፦ ይሄማ ቀላል ነው። የየፋይሉን ሃሽ፣ ማለትም ከባይቶቹ ተሰልቶ የሚወጣውን መለያ፣ አውጥቶ ማመሳከር ነው። ሃሹ አንድ ከሆነ ፋይሉ አንድ ነው። የተቃኙትን ደረሰኞች ያጸዳሁት እንደዛ ነው።

የቅንብር ኃላፊ፦ ጋሼ፣ ለደረሰኙ ልክ ነዎት። ቪዲዮ ግን አንዴ ኮንቨርት ከተደረገ ባይቶቹ ይቀየራሉ፤ ሃሹም አብሮ ይቀየራል። ብዙም የማይለወጠው ርዝመቱ ነው። ከዚያ ብንጀምርስ? ርዝመቱን የሚያሳየው ትእዛዝ ይኸው፦

```
ffprobe -v error -show_entries format=duration,bit_rate -of csv=p=0 "bealu.mov"
```

በዓሉ ላይ የተቀረጹትን ሦስት ፋይሎች ሞከርኳቸው። ሦስቱም 42 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ናቸው። ልዩነታቸው አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ርዝመት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ከየቪዲዮው ጥቂት ምስሎች ወስዶ፣ አሳንሶ የሚያመሳክር ፕሮግራም ያስፈልገናል። `Czkawka` ውስጥ `Similar Videos` የሚለው ይህንን ይሠራል፤ `FFmpeg` መጫን አለበት።

አዲስ አባል፦ እኔም ስልኬ በተደጋገመ ፎቶ ተጨናንቋል። ለሱም ይሆናል?

ጸሐፊ፦ ፎቶውን ሌላ ጊዜ እናየዋለን። ከሦስቱ ትልቁን እናስቀር ብዬ ልጻፍ?

የቅንብር ኃላፊ፦ ኧረ ቆይ! አንዱ `.mov` ነው፣ 4.2 ጊጋባይት። ሌላው 640 በ360 የሆነ `.mp4` ነው፣ 310 ሜጋባይት። ሦስተኛው `.mkv` ደግሞ 1920 በ1080 ነኝ ይላል፤ 5 ጊጋባይት ነው። በሳይዝ ቢሆን እሱ ያሸንፍ ነበር። 12ኛው ደቂቃ ላይ ሦስቱንም አቁሜ ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አየሁ። በ`.mov`ው ላይ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበባል። በ`.mkv`ው ላይ ልክ እንደ ትንሹ ፋይል ድፍርስርስ ያለ ነው። ለካ አንድ ሰው ትንሹን ወስዶ አሳብጦታል። ሳናይ ብናጠፋ ዋናው ይሄድ ነበር።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ «ሳይዝ አይወስንም፤ አንድ ሰው ጎን ለጎን አይቶ ይወስን» ብዬ ጻፍኩ።

ካሜራ ማን፦ ሌላም አለ። ቪዲዮዎቻችን ሁሉ የሚጀምሩት በዓርማችን ነው። ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ሰከንዶች ብቻ ምስል ከወሰደ የማይገናኙትን ያገናኛል። እኔ ደግሞ መግቢያውን ቆርጬ ያስቀመጥኳቸው አሉ። እነሱ ርዝመታቸውም ስለሚለይ ያመልጡናል።

የቅንብር ኃላፊ፦ እውነት ነው። ለተቆረጡት አስተማማኝ ዘዴ የለኝም። በፋይል ስምና በቀን እየፈለግን በእጅ ብናያቸውስ?

ሒሳብ ሹም፦ ማን ነው ቁጭ ብሎ የሚያየው? ቢያንስ ወዲያው አይጥፉ። የተመረጡት ለብቻ ፎልደር ይግቡና ለአንድ ወር ይቆዩ።

ጸሐፊ፦ አንድ ወር የሚለው ገብቷል። የተቆረጡትን ግን ክፍት ትቼዋለሁ። ካሜራ ማን፣ የትኞቹን እንደቆረጥክ ዝርዝር አለህ?

ካሜራ ማን፦ የግማሹ አለኝ።