ትንሹን ማሽን ወይስ ትልቁን መስመር? የፋይናንስ ባለሙያዎች እርዱኝ

ሰላም። ኮምቦልቻ ላለ የዱቄት ፋብሪካ ሁለት አማራጭ እያነጻጸርኩ ነው። ያለው ሼድ ስለማይበቃ አንዱን ብቻ ነው መምረጥ የሚቻለው። ማሸጊያ ማሽኑ 500,000 ብር ወጥቶበት ለ4 ዓመት በየዓመቱ 230,000 ብር ያስገባል። አዲሱ የወፍጮ መስመር 6 ሚሊዮን ወጥቶበት እሱም ለ4 ዓመት በየዓመቱ 2.5 ሚሊዮን ያስገባል። የቅናሽ ምጣኔው 18 በመቶ ነው።

የውስጥ ተመላሽ ምጣኔው ለማሽኑ 29.8፣ ለመስመሩ 24.1 በመቶ መጣ። የተጣራ የአሁን ዋጋው ግን 118,700 እና 725,000 ብር ገደማ ነው። ባለቤቶቹ መቶኛውን አይተው ማሽኑን ይላሉ። መቶኛው የገንዘቡን መጠን ስለሚደብቅ በልዩነቱ ላይ ሠራሁ፤ ተጨማሪው 5.5 ሚሊዮን በየዓመቱ 2.27 ሚሊዮን ያመጣል፣ ምጣኔውም 23.6 በመቶ ነው። ከ18 ስለሚበልጥ መስመሩ ያሸንፋል። (በኤክሴል የመነሻውን ወጪ B2 ላይ በአሉታዊ ቁጥር ጽፌ ከቅንፉ ውጭ አድርጌዋለሁ፦ `=NPV(18%,C2:F2)+B2`፤ ውስጥ ከገባ እሱንም በአንድ ዓመት ይቀንሰዋል።)

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። 18 በመቶው የባንክ ብድር ወለድ ነው፤ መስመሩ ግን የስንዴ አቅርቦት ስጋት አለበት። ለመስመሩ ብቻ 22 በመቶ ብጠቀም 234,000 ብር ይተርፋል፣ 23 ላይ ሁለቱ ሊተካከሉ ይደርሳሉ። ስጋቱን በምጣኔው ላይ ልጨምር ወይስ ምጣኔውን 18 ላይ ትቼ የስንዴ እጥረት ያለበትን ዓመት ገቢ ልቀንስ? ሁለቱንም ካደረግኩ አንዱን ስጋት ሁለቴ እንዳልቆጥር እፈራለሁ። በምን መለኪያ ትወስኑታላችሁ?