እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ትእዛዞች፣ አንድ የክፍያ መልእክት፦ የማን ነው?

በትንሽ የኦንላይን ሱቄ ደንበኛ በሞባይል ገንዘብ ሲከፍል ማረጋገጫው ወደ ስልኬ ይመጣል። ፕሮግራሜ ከመልእክቱ መጠኑን፣ የላኪውን ስልክና የግብይት ቁጥሩን አውጥቶ ክፍያ ከሚጠብቁት ትእዛዞች ጋር ያነጻጽራል። ትናንት ሁለት ደንበኞች እኩል የ850 ብር ትእዛዝ ሰጡ፤ ዘግይታ ያዘዘችው በወንድሟ ስልክ ከፈለች። ስልኩ ከማንም ጋር ስላልገጠመ ፕሮግራሙ በመጠን ብቻ ፈልጎ ቀድሞ የገባውን ትእዛዝ «ተከፍሏል» አለው። ያልከፈለው ሰው እቃውን ሊወስድ ነበር!

ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የተለየ ሳንቲም መጨመር (850.01፣ 850.02) አስቤ ነበር፤ ግን ብዙ ሰው ሳንቲሙን ትቶ ነው የሚልከው። ደንበኛው የግብይት ቁጥሩን ራሱ እንዲያስገባ ላድርግ? እንዲህ ከሆነ፣ ቁጥሩ ገብቶ መልእክቱ ገና ካልደረሰኝ ትእዛዙን እንዴት ላቆየው? ያው ቁጥር ለሌላ ትእዛዝ ዳግም እንዳይገባስ የት ላይ ልከልክል?